ለሚደጋገም ማይግሬን የመከላከያ መድኃኒት ሲታዘዝ፦ የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት

ማይግሬን በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ለሚነሣበት ሰው ሲያመው የሚወስደው ማስታገሻ ይበቃዋል። በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚያመው ወይም ቁጥሩ ቢያንስም በተነሣበት ቁጥር ከሥራ አስቀርቶ ጨለማ ክፍል የሚያስተኛው ሰው ግን ሐኪሙ የመከላከያ መድኃኒት ሊጀምርለት ይችላል። ይህ መድኃኒት ራስ ምታት ሲጀምር የሚዋጥ አይደለም፤ ቢያምም ባያምም በየቀኑ የሚወሰድ ነው። የተነሣውን ሕመም አያስታግስም። ሥራው ሕመሙ የሚነሣባቸውን ቀናት መቀነስ፣ ሲነሣም ቀለል እንዲል ማድረግ ነው።

በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት፣ ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታዘዙት ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ሁለቱም የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ዋጋቸውም ከሌሎቹ ይቀላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ በአብዛኛው ስለ እነሱ ነው። ሌሎቹን ወደ ኋላ ላይ በአጭሩ እናነሣለን።

ብዙ ሰው ከመከላከያ መድኃኒት ሳይጠቀም የሚቀረው መድኃኒቱ ስለማይሠራ አይደለም፤ በሦስተኛው ሳምንት ስለሚተወው ነው። በዚያ ጊዜ ጎጂ ጎኑ ይሰማል፣ ጥቅሙ ግን ገና አልታየም። «ስንት ቀን ዋጥኩት፣ ትናንትም አመመኝ» ብሎ ማቆም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጥቅሙ መታየት የሚጀምረው በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሠራ ወይም አልሠራም ብሎ ለመፍረድ ደግሞ ተገቢው መጠን ላይ ተደርሶ ከ8 እስከ 12 ሳምንት መቆየት አለበት።

መጀመሪያ መቁጠር

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የ4 ሳምንት መዝገብ ያስፈልጋል። ያለዚህ መዝገብ በኋላ ላይ ሐኪሙም ሆነ እርስዎ የምታወዳድሩበት ነገር አይኖርም። የግድግዳ ካሌንደር ወይም የልጅ ደብተር ይበቃል። ከየቀኑ አጠገብ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ራስ ምታት ከነበረ «ራ»፣ ሥራ ካስቆመ ወይም ካስተኛ «ከ»፣ ማስታገሻ ከዋጡ ደግሞ «ማ» እና የመድኃኒቱን ስም። ጠዋት ጀምሮ ማታ የለቀቀ ሕመም አንድ ቀን ነው፤ ሦስት ቀን የዘለቀ ደግሞ ሦስት ቀን ተብሎ ይቆጠራል። «ስንቴ ተነሣ» ሳይሆን «ስንት ቀን አመመ» ነው የሚፈለገው።

ቆጠራውን በወር ሳይሆን በ28 ቀን ማድረጉ ይሻላል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ብዙ ችግር የለውም፤ ጳጉሜን ሲመጣ ግን አምስት ወይም ስድስት ቀን ከየት እንደሚገባ ግራ ያጋባል፣ ሁለት ወራትን ማነጻጸርም ይበላሻል። አራት ሳምንት ግን ሁልጊዜ አራት ሳምንት ነው።

በመዝገቡ ላይ ከራስ ምታቱ ቀን እኩል ትኩረት የሚሰጠው የማስታገሻው ቀን ነው። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ወይም ኤርጎታሚን ያለበት ኪኒን፣ ትራማዶልና ከካፌይን ጋር የተቀላቀለ ማስታገሻ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለሦስት ወር ከዘለቀ፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ማምጣት ይጀምራል። ሰውዬው ጠዋት ሕመም ይዞት ይነቃል፣ ይውጣል፣ ይሻለዋል፣ በማግስቱም እንደዚያው ይሆናል። በዚህ ዑደት ውስጥ ያለ ሰው የመከላከያ መድኃኒት ቢጀመርለትም ጥቅሙ ይደበዝዛል። ሐኪሙ ማስታገሻውን እንዲቀንስ ወይም እንዲያቆም ያደርገዋል። ከቆመ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት፣ ሕመሙ ሊብስ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ትራማዶል ብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው ግን በራሱ በአንዴ አያቁም፤ ሐኪሙ ያወርድለታል። የማስታገሻ ቀን በሳምንት ከሁለት ባይበልጥ መልካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በድንገት፣ በሰከንዶች ወይም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጫፍ የደረሰ ከባድ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ በአንድ ጎን ሰውነት መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር የያዘው፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የመጣ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፣ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ አዲስ የተነሣ ራስ ምታት ከማይግሬን መዝገብ ውስጥ አይገባም። ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ሐኪሙ ዘንድ የሚነገሩ ነገሮች

የትኛው መድኃኒት እንደሚታዘዝ የሚወስነው ከሕመሙ ይልቅ ብዙ ጊዜ የእርስዎ ሌላ ሁኔታ ነው። ሐኪሙ ወይም ጤና መኮንኑ ሳይጠይቅ ቢያልፍ እንኳ እነዚህን ይንገሩ።

አስም ካለብዎት ወይም በልጅነትዎ ከነበረብዎት፣ ወይም ደረትዎ የሚያፏጭ ከሆነ፣ ፕሮፕራኖሎል ለእርስዎ አይሆንም። መድኃኒቱ የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል። «አስም አልነበረብኝም፣ ብርድ ሲመታኝ ብቻ ነው ትንፋሼ የሚያፏጨው» የሚል ሰው በደብረ ብርሃን ብርድ ብዙ ነው፤ ይህንኑ ቃል ለሐኪሙ መንገር ነው እንጂ ራስ በራስ መወሰን አይደለም። የልብ ምት ዝግታ ወይም የልብ ችግር ካለ፣ የደም ግፊትዎ ዝቅተኛ ከሆነ፣ የስኳር ሕመም ኖሮብዎት ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነም ይንገሩ። ፕሮፕራኖሎል የስኳር መውረድ የሚያመጣውን የልብ ድብደባና መንቀጥቀጥ ይሸፍናል፤ ሰውየው ስኳሩ ሲወርድ ምልክቱን ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

ለአሚትሪፕቲሊን ደግሞ የሚፈለገው ሌላ ነው፦ የዓይን ግፊት፣ ሽንት መያዝ በተለይ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የሚጥል በሽታ፣ ቀድሞ የሚወሰድ የድብርት መድኃኒት ወይም ትራማዶል። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ አባትና እናት ሲሆኑ ሐኪሙ የልብ ምርመራ ሊያዝ ይችላል።

ሴት ከሆኑ እርግዝና፣ ለመውለድ ማሰብ፣ ማጥባትና የወሊድ መቆጣጠሪያ ዓይነት መነገር አለባቸው። ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት ብልጭታ የሚታያቸው፣ የዓይን ክፍል የሚጋረድባቸው ወይም እጅ የሚደነዝዝባቸው ሴቶች ኤስትሮጅን ያለበትን ድብልቅ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን እንዳይወስዱ ይመከራል፤ ከአንጎል ስትሮክ አደጋ ጋር ስለሚያያዝ።

ፕሮፕራኖሎል ሲታዘዝ

ከመጀመርዎ በፊት የደም ግፊትዎና የልብ ምትዎ መለካት አለበት። ወደ ቤት ከመሄድዎ በፊት ምቱን ራስዎ መቁጠር ይማሩ። አውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት (አመልካችና መሐል ጣት) ያሳርፉ፤ አውራ ጣት የራሱ ምት ስላለው እንዳያሳስትዎ ለመቁጠር አይጠቀሙበት። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ በሰዓት ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ60 በላይ ሲሆን ጥሩ ነው። ከ50 በታች ከሆነ፣ ወይም 50 እና 60 መካከል ሆኖ ማዞር፣ ዓይን መጨለም ወይም መውደቅ ካለ ቀጣዩን መጠን ከመውሰድዎ በፊት ሐኪሙን ወይም ጤና ጣቢያውን ያማክሩ።

የተለመደው አጀማመር 20 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 40 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይጨመራል፤ በቀን 80 ማለት ነው። አስፈላጊ ሲሆን ሐኪሙ በቀን ወደ 120፣ ከዚያም ወደ 160 ሊያደርሰው ይችላል። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ ማድረግ ቀላል ነው፤ ከዕለት ተዕለት ሥራ ጋር አይጋጭም።

አንድ ስሕተት በጣም የተለመደ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ፕሮፕራኖሎል በፋርማሲ 10 ሚሊግራምም፣ 40 ሚሊግራምም ሆኖ ይመጣል። መጀመሪያ 10 ሚሊግራም የሆነውን የገዛ ሰው «ሁለት ሁለት ፍሬ ጠዋትና ማታ» ብሎ በቃሉ ይይዛል፤ በቀን 40 ሚሊግራም ነው። በሚቀጥለው ወር ደብረ ሲና ወይም ሌላ ከተማ ሲገዛ የ40 ፍሬ ይሰጠዋል፤ እሱ ግን እንደለመደው ሁለት ሁለት ይውጣል፤ በቀን 160 ይሆናል። ቀጥሎ ማዞር፣ መዛል፣ የልብ ምት መዘግየት ይመጣና «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ይባላል። ስለዚህ በቃልዎ የሚይዙት የፍሬውን ብዛት ሳይሆን ሚሊግራሙን ነው። ፓኬቱን በተቀበሉ ቁጥር ቁጥሩን ከፍሬው ሽፋን ላይ ያንብቡ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ፋርማሲስቱ በፓኬቱ ላይ በትልቁ እንዲጽፍለት ይጠይቅለት።

ምን ይሰማዎታል? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድካም፣ ዳገት ሲወጡ ጉልበት ማነስ፣ ሲነሡ ማዞር፣ ደማቅ ሕልም፣ አልፎ አልፎም የእንቅልፍ መዛባት ሊኖር ይችላል። በደጋው የሚያስቸግረው ግን የእጅና የእግር መቀዝቀዝ ነው። መድኃኒቱ ወደ ጣቶች የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ በሰሜን ሸዋ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ጣት እንደ በረዶ ይሆናል። ጓንትና ካልሲ ያግዛል፤ ጣቱ ገርጥቶ ከነጣ ወይም ከጠቆረ ግን ለሐኪሙ ይነገር። በወንዶች ላይ የወሲብ አቅም ሊቀንስ ይችላል፤ አፍረው ዝም ብለው ከመተው ለሐኪሙ ቢናገሩት መድኃኒቱ ይቀየራል።

ትንፋሽ ማጠር ወይም ደረት ማፏጨት ከመጣ ቀጣዩን ፍሬ አይውሰዱ፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የፕሮፕራኖሎል ትልቁ ሕግ በድንገት አለማቆም ነው። ልብ ከመድኃኒቱ ጋር ተላምዳለች፤ ድንገት ሲነሣባት ምቷ ይፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ደረቱን ሊያመው ይችላል። መቆም ካለበት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ፓኬቱ ሳያልቅ መግዛት ያስፈልጋል። በቀን 40 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ ከሆነ፣ ባለ 40 ሚሊግራሙ በወር 60 ፍሬ ይፈልጋል። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ ሰው ክረምት መንገዱ ሳይዘጋ ተጨማሪ የሁለት ሳምንት ቢይዝ ይሻለዋል።

እንዴት እንደሚሄድ፦ አንድ ምሳሌ

በደብረ ብርሃን ልብስ የምትሰፋ የ30 ዓመት ሴት እንበል። አስም የለባትም፣ ክብደቷ መካከለኛ፣ ግፊቷ 125/80፣ የልብ ምቷ 82። ከመጀመሯ በፊት በ28 ቀን ውስጥ 11 ቀን አሟታል፣ ከእነዚህ ውስጥ 4ቱ ከባድ፣ አይቡፕሮፌን የዋጠችው 9 ቀን ነው። ማስታገሻዋ ገና 15 አልደረሰም፤ ስለዚህ ሐኪሙ መከላከያውን ይጀምራል።

ሳምንት 1፦ 20 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ። ሳምንት 2 እስከ 4፦ 40 ጠዋትና ማታ። በአራት ሳምንት መጨረሻ ላይ መዝገቡ 10 ቀን ይላል። ከ11 ወደ 10 ነው፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። መርፌ ስትይዝ ጣቷ ይቀዘቅዛል፣ ገበያ ስትወጣ ትደክማለች። ሐኪሙ ግን ምቷ 66፣ ግፊቷ 110/70 መሆኑን ያያል፤ ለመጨመር ቦታ አለ ማለት ነው። መጠኑ በቀን ሦስት ጊዜ 40 ይሆናል፤ በድምሩ 120።

ሳምንት 5 እስከ 8፦ 7 ቀን። ሳምንት 9 እስከ 12፦ 5 ቀን፣ ከባዱ 1 ቀን ብቻ፣ አይቡፕሮፌን 4 ቀን። አሁን ስሌቱ ይሠራል፦ ከ11 ወደ 5 ሲወርድ የቀነሰው 6 ቀን ነው፤ 6 ለ11 ሲካፈል 55 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሕመሙ በግማሽና ከዚያ በላይ ከቀነሰ መድኃኒቱ ሠርቷል ይባላል። ሙሉ በሙሉ የጠፋ ራስ ምታት ግን አይጠበቅም፤ «መድኃኒቱ አልፈወሰኝም» ብሎ መተው ያላግባብ ነው።

ሌላ መጨረሻም ሊኖር ይችላል። በሳምንት 12 ቁጥሩ 9 ቢሆን፣ ወይም ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምር ሲል ምቷ 52 ቢሆን፣ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ አውርዶ ወደ ሌላ መቀየር ተገቢ ነው። አንዱ ያልሠራለት ሰው ሌላው ሊሠራለት ይችላል።

አሚትሪፕቲሊን ሲታዘዝ

አሚትሪፕቲሊን ማታ አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው። እንቅልፍ ለማይወስደው፣ አንገቱና ትከሻው ለሚገተርበት፣ ራሱን ብዙ ቀን ለሚከብደው ሰው ይመረጣል። የመነሻ መጠን 10 ወይም 25 ሚሊግራም ነው። 25 የሆነውን ፍሬ ብቻ ካገኙና ሐኪሙ በትንሽ መጀመር ከፈለገ ግማሹን ሊያዝ ይችላል፤ ሁሉም ፍሬ ስለማይገመስ ይህን ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንቱ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ብዙ ሰው 25 እስከ 50 ላይ ያበቃዋል፤ አንዳንዱ እስከ 75 ይደርሳል።

ፓኬቱ ውስጥ ያለው ወረቀት «ለድብርት» ይላል። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ ወይም ሌላ አንብቦለት «የአእምሮ መድኃኒት ሰጡኝ» ብሎ ቤት ያስቀምጠዋል። ለማይግሬን የሚሰጠው መጠን ለድብርት ከሚሰጠው ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው፤ የሚፈለገውም የሕመም ስሜትን በአንጎል ውስጥ የሚያስተላልፉትን ኬሚካሎች ማስተካከል ነው። በፕሮፕራኖሎልም ላይ እንዲሁ «ግፊት የለብኝም፣ ለምን የግፊት መድኃኒት ይሰጠኛል» የሚል ይኖራል። አንድ መድኃኒት ከአንድ ሕመም በላይ ይጠቅማል፤ ይህንን ቤተሰብም እንዲያውቀው ማድረግ ይጠቅማል፤ ኪኒኑን የሚያስቆም ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም አማት ነው።

የሚወሰድበት ሰዓት ልዩነት ያመጣል። በምሽት 4 ሰዓት ለሚተኛ ሰው 2 ሰዓት ላይ ቢወስድ ጥሩ ነው። ልክ ሲተኛ የወሰደው ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንጎሉ ጭጋግ ለብሶ ይነሣል። እንደዚያ ከሆነ ሰዓቱን ወደ ምሽት 1 ያስጠጉት፤ ካልበቃ መጠኑን ለማውረድ ሐኪሙን ያማክሩ። መጀመሪያውን ሳምንት መኪና ወይም ባጃጅ መንዳት፣ ስለታም መሣሪያ ላይ መሥራት አይመከርም። አረቄ ወይም ጠላ ከዚህ ኪኒን ጋር እንቅልፉንና የአቅል መደንዘዙን እጥፍ ያደርገዋል፤ በድግስ ቀን ማታውን አረቄ የቀመሰ ሰው ኪኒኑን ሊውጥ ሲል አደጋ አለው። ጨርሶ አለመጠጣት ይሻላል።

አፍ መድረቅ የተለመደ ነው፤ ውኃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨትና አፍን መጉመጥመጥ ያቀልለዋል። ሆድ ድርቀት ከመጣ ጎመን፣ አጃና ውኃ ማዘውተር ይረዳል። የምግብ ፍላጎት ጨምሮ ክብደት ይመጣል፤ በየወሩ መመዘን ያስፈልጋል። ሽንት ከተከለከለ፣ ዓይን ቀልቶ ካመመ፣ ልብ ያለ ቅጥ ከደለቀ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ይህ መድኃኒት ብዙ ከተዋጠ ለልብ አደገኛ ነው፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቆለፍ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ሰው ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አነስተኛ መጠን ብቻ ይታዘዝለታል።

አሚትሪፕቲሊንም በድንገት አይቆምም፤ ሲቆም የእንቅልፍ መጥፋትና ማቅለሽለሽ ይመጣል።

ጾም፣ ጠበልና ቡና

የጾም ወቅት ከዚህ መድኃኒት ጋር መታረቅ አለበት። በሑዳዴ 55 ቀን እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይበላና ሳይጠጣ የሚቆይ ሰው፣ የምግብ መዘግየትና የውኃ ማነስ ብቻውን ማይግሬን ሊያስነሣ ይችላል። ይህ ደግሞ መዝገቡን ያዛባል፤ መድኃኒቱ ሥራ ያቆመ ይመስላል። የጾሙን ሳምንት በመዝገቡ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ሕመምተኛ የጾሙን አወጣጥ ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገሩ የተለመደ ነው፤ አስቀድሞ ማስፈቀድ የጠዋቱን ፕሮፕራኖሎል ከመዝለል ይሻላል። አሚትሪፕቲሊን ግን ማታ ስለሆነ ከጾሙ ጋር ብዙም አይጋጭም።

ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ሌላ ጠበል ለመቆየት የሚሄድ ሰው ኪኒኑን ይዞ ይሂድ። ቤት ጥሎት የሚሄድ ፕሮፕራኖሎል የለመደ ሰው ላይ የተነገረው የድንገት መቋረጥ አደጋ እዚያው ይደርስበታል። ቀዝቃዛ ጠበል ላይም ማዞር ሊኖር ስለሚችል ቁጭ ብሎ ረጋ ማለት ነው።

ቡናን በተመለከተ፣ በየቀኑ ሦስት አራት ስኒ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ራሱን ያመዋል። መከላከያ መድኃኒት በጀመሩበት ወር ቡናን በአንዴ አይቁረጡ፤ ራስ ምታቱ ከቡናው ይሁን ከሕመሙ አይለይም።

ሌሎቹ መድኃኒቶች

ሁለቱ ካልሠሩ ወይም ካልተስማሙ ሐኪሙ ወደ ቶፒራሜት ሊሄድ ይችላል። በ25 ሚሊግራም ማታ ይጀመርና በየሳምንቱ 25 እየተጨመረ በቀን ሁለት ጊዜ 50 ይደርሳል። እጅና እግር መውረር፣ ክብደት መቀነስ፣ ለስላሳ መጠጥ ጣዕሙ መለወጥ፣ ቃል መፈለግና የመርሳት ስሜት ይታወቁበታል፤ መምህር ወይም ተማሪ ከሆኑ ይህ ያስቸግራል። የኩላሊት ጠጠር እንዳያመጣ ውኃ አብዝቶ መጠጣት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ወር ድንገተኛ የዓይን ሕመምና የዕይታ መደብዘዝ ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። በእርግዝና ጊዜ ለፅንሱ ጉዳት ያመጣል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንንና በክንድ የሚቀበረውንም ሊያዳክም ይችላል። የሚጠቀሙትን ዓይነት ሳይነግሩ አይጀምሩት።

ሶዲየም ቫልፕሮኤት ማይግሬንን ይከላከላል፤ ነገር ግን ፅንስ ላይ ከባድ የአከርካሪና የአእምሮ ጉዳት ስለሚያስከትል ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ለማይግሬን አይሰጥም፣ መውለድ ለምትችልም ሐኪም ከባድ ጥንቃቄ ያደርግበታል። ክብደት መጨመር፣ የፀጉር መርገፍ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የጉበት ችግር አሉት።

ፍሉናሪዚን የሚባልም ማታ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ እንቅልፍና ክብደት ያመጣል፣ ድብርት ያለበት ሰው ግን አይጠቀመውም። ለማይግሬን ብቻ ተብለው እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጡ በወር አንድ ጊዜ የሚወጉ መርፌዎችም አሉ፤ ዋጋቸው ከፍተኛ በመሆኑ ለእኛ አገር ሕመምተኛ የመጀመሪያ ምርጫ አይሆኑም።

12 ሳምንት ሲሞላ

መዝገቡን ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። ሦስቱን የ28 ቀን ድምሮች በአንድ መስመር ጽፈው ያቅርቡለት፤ ከመጀመሪያው ጋር ያወዳድራል። የሚጠየቁት ጥያቄዎች አራት ናቸው፦ የሕመም ቀኑ በግማሽ ቀነሰ ወይ፣ ከባድ ቀን ቀነሰ ወይ፣ ማስታገሻው ቀነሰ ወይ፣ ጎጂ ጎኑ የሚታገሥ ነው ወይ። ቀኑ በግማሽ ሳይቀንስ ከባድ ቀኑ ከ4 ወደ 1 ከወረደ ሐኪሙ መጠኑን ጨምሮ ሊያስቀጥል ይችላል።

አልሠራም ከመባሉ በፊት የሚፈተሹ ነገሮች አሉ። መጠኑ በቂ ደርሶ ነበር ወይስ እስከ መጨረሻው 20 ላይ ቆመ? በሳምንት ስንት ፍሬ ተዘለለ? ማስታገሻ ከ10 ወይም ከ15 ቀን በላይ ገባ? ብዙ ጊዜ መልሱ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ይገኛል፤ መድኃኒቱን ከመቀየር እነሱን ማስተካከል ይቀድማል። የተዘለለን መጠን በተመለከተ ቀላል ሕግ አለ፦ ቶሎ ከታወሰዎ ይውሰዱት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከቀረበ ግን ያለፈውን ይተዉት፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይውሰዱ።

መድኃኒቱ ሠርቶ ከ6 እስከ 12 ወር ከተረጋጋ፣ ሐኪሙ ማቋረጥን ያነሣል። ማውረዱ ቀስ በቀስ ነው፤ ለምሳሌ በቀን 120 ሚሊግራም ፕሮፕራኖሎል ላይ የነበረ ሰው ወደ 80፣ ከዚያ ወደ 40 በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይወርዳል። መዝገቡ ይህን ጊዜ አይቋረጥም። ቁጥሩ እንደገና ወደ ቀድሞው መመለስ ከጀመረ መድኃኒቱ በዚያው መጠን ሊመለስ ይችላል፤ ቁጥሩ ካልጨመረ ግን ሕመሙ ሲነሣ የሚወሰድ ማስታገሻ ብቻ በቂ ይሆናል። ማውረዱን ለመጀመር ከሑዳዴ፣ ከፈተናና ከአጨዳ ወራት ውጪ ያለ ጊዜ ይመረጣል።